ጥለቱን የቆረጠብኝ ኮድ፦ የሀበሻ ቀሚስ ፎቶዎችን ሳይጣመሙ ለመደርደር የሄድኩበት መንገድ

ለአንዲት የሽሮ ሜዳ ነጋዴ ዌብሳይት ሠርቼ ነበር። እትዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው። የሀበሻ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ጋቢ፣ ጥቂት መሶብና የስፌት ሥራ ይሸጣሉ። የጠየቁኝ ነገር አጭር ነበር። ዕቃዎቻቸው በአንድ ገጽ ላይ በካርድ በካርድ ተደርድረው እንዲታዩ፣ ከእያንዳንዱ ሥር ዋጋውና «ይዘዙ» የሚል ቁልፍ እንዲኖር። በሁለት ቀን ጨርሼ የማስረክብ መስሎኝ ነበር። የፎቶው ነገር ግን ሦስት ጊዜ አፍርሼ እንድሠራ አደረገኝ። አንዱ ስህተቴ ደግሞ እትዬን ገንዘብ አስወጥቷቸዋል። እናንተም የዕቃ ፎቶ የምትደረድሩ ከሆነ፣ እኔ የዞርኩትን መንገድ እንዳትዞሩ ብዬ ነው የምጽፈው።

ፎቶዎቹ በቴሌግራም መጡልኝ። 46 ነበሩ። ያነሷቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እትዬ፣ ወንድ ልጃቸውና ሱቅ ውስጥ የምትረዳቸው ልጅ። የስልኮቹ ካሜራ አቀማመጥ የተለያየ ስለነበር የፎቶዎቹም ልክ ተለያየ። 31ዱ ቁመታም ሆነው 3 ለ 4 ናቸው። ዘጠኙ በጣም ረዣዥም፣ 9 ለ 16። የቀሩት ስድስቱ ስልኩ ተጋድሞ የተነሱ፣ 4 ለ 3። እነዚህን ቁጥሮች ያወቅኩት ግን ከተሳሳትኩ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን ልካቸውን አላየሁም። ቀጥታ ኮድ መጻፍ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ኮዴ ይሄ ነበር፦

```css
.photo {
  width: 100%;
  height: 220px;
}
```

ካርዶቹ ሁሉ እኩል እንዲሆኑ ስለፈለግኩ ቁመቱን በቁጥር ቸነከርኩት። ስልኬ ላይ ከፍቼ ሳየው ደህና ነበር። ለምን ደህና እንደመሰለኝ ቆይቶ ነው የገባኝ። የስልኬ ስክሪን ወርዱ 360 ፒክስል ነው። ከግራና ከቀኝ 12 12፣ በሁለቱ ካርዶች መካከል ደግሞ 12 ፒክስል ክፍተት ሲቀነስ ለአንድ ካርድ 162 ይደርሰዋል። 162 በ220 ማለት ከ3 ለ 4 ብዙም አይርቅም። ከላይ ያሉት ፎቶዎች ደግሞ 3 ለ 4 ነበሩ። መጣመሙ ትንሽ ስለነበር ዓይኔ አልያዘውም።

ማታ ቨርጂኒያ ያለችው የእትዬ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ከፈተችው። ስክሪንሾት ላከችልኝ፤ ከሥሩ «ወንድሜ፣ ልብሶቹ ቆንጆ ናቸው፤ ግን ልጅቷ ለምን ወፈረች?» ብላ ጽፋለች። ልክ ነበረች። ላፕቶፕ ላይ በአንድ ረድፍ አራት ካርድ ነው ያደረግኩት። የአንዱ ወርድ 280 ፒክስል ገደማ ይሆናል። 3 ለ 4 የሆነ ፎቶ ወርዱ 280 ከሆነ ቁመቱ 373 መሆን ነበረበት። እኔ ግን 220 ላይ ቸነከርኩት። ፎቶው ከላይ ወደ ታች ተደፍጥጦ፣ ቁመቱ ከሚገባው ስድሳ በመቶ እንኳ አልሞላም። ቀሚስ የለበሰችው ልጅ አጭርና ሰፊ ሆና ቀረች።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፎቶ ሳጥኑ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ የሚወስነው `object-fit` ነው፤ ምንም ካልተባለ ዋጋው `fill` ነው። `fill` ማለት ደግሞ ፎቶው የተሰጠውን ሳጥን ከዳር እስከ ዳር ይሙላ፣ ምጥጥኑ ቢበላሽም ይበላሽ ማለት ነው። ወርዱንም ቁመቱንም ለየብቻ ከወሰናችሁለት ብሮውዘሩ ታዝዞ ይጎትተዋል። ስህተት ነው ብሎ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

እዚህ ላይ አንድ የምመክራችሁ ነገር አለ። ከዕቃዎቹ መካከል ክብ የሆነ ነገር ፈልጉ። በእትዬ ገጽ ላይ ከላይ ወደ ታች የተነሳ መሶብ ነበር። ያን ፎቶ ብሮውዘር ውስጥ ስታዩት እንቁላል ከመሰለ፣ የሆነ ቦታ መጎተት አለ። የሰው ፊት ትንሽ ቢጎተት ዓይን ይለምደዋል፤ ክብ ግን አያታልልም። እኔም ያን ቀን ስልኬ ላይ ወደ ታች ወርጄ መሶቡን ባየው ኖሮ ወዲያው ይታወቀኝ ነበር። ተጋድሞ የተነሳ ፎቶ ስለነበር 162 በ220 ውስጥ ገብቶ ወደ ላይ ተስቦ ነበር። ክብ ዕቃ ከሌላችሁ በማንኛውም የሥዕል ፕሮግራም ነጭ ሰሌዳ ላይ ክብ ሥሉና እንደ አንድ ዕቃ ፎቶ አስገቡት። ከዚያ በስልክም በላፕቶፕም ልክ እዩት። ፈተናው ካለቀ በኋላ ታወጡታላችሁ።

በማግስቱ የወሰድኩት እርምጃ ብዙ ሰው የሚወስደው ነው። ቁመቱን `auto` አደረግኩት። መጣመሙ ጠፋ። መሶቡ ክብ ሆነ፣ ልጅቷም ወደ ቁመናዋ ተመለሰች። በምትኩ ሌላ ችግር መጣ። ያው 162 ፒክስል ወርድ ላይ 9 ለ 16 የሆነው ፎቶ ቁመቱ 288 ሆነ። አጠገቡ ያለው የተጋደመ ነጠላ 121 ገደማ ላይ ቀረ። ከአጭሩ ፎቶ ሥር ትልቅ ባዶ ቦታ ተፈጠረ። ዋጋውና ቁልፉ አንዱ ጋ ላይ፣ አንዱ ጋ ታች ሆነ። ልብስ የተዘበራረቀበት መደብ ይመስል ነበር።

ከመልኩ በላይ የከፋው ገጹ ሲከፈት መዝለሉ ነው። ፎቶው እስኪወርድ ድረስ ብሮውዘሩ ቁመቱን አያውቅም። ስለዚህ ቦታ አይይዝለትም። ጽሑፉና ቁልፉ መጀመሪያ ይመጣሉ፣ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ፎቶው ሲደርስ ሁሉንም ወደ ታች ይገፋቸዋል። በቢሮ ዋይፋይ አይታይም። ታክሲ ውስጥ በሞባይል ዳታ ከፍቼ ስሞክረው ግን ጋቢ ለማዘዝ ጣቴን ስሰነዝር ገጹ ዘለለና የነካሁት ነጠላ ሆነ። ደንበኛ ላይ ይህ ቢደርስ ምን እንደሚፈጠር አሰብኩ። ስለዚህ የሚያስፈልገኝ ነገር ሁለት እንደሆነ ገባኝ። አንደኛ፣ ፎቶው ከመድረሱ በፊት የቦታው ልክ መታወቅ አለበት። ሁለተኛ፣ ፎቶው ሲደርስ በዚያ ልክ ውስጥ ሳይጎተት መግባት አለበት።

የመጀመሪያውን የሚሠራው `aspect-ratio` ነው። ሁለተኛውን የሚሠራው `object-fit` ነው። ሥራቸው ይለያያል። `aspect-ratio` ስለ ሳጥኑ ነው የሚናገረው፤ ወርዱ ይህን ያህል ከሆነ ቁመቱ ይህን ያህል ይሁን ይላል። `object-fit` ስለ ሳጥኑ አያገባውም። ፎቶው ሳጥኑ ውስጥ እንዴት ይቀመጥ የሚለውን ብቻ ነው የሚወስነው። ብዙ ሰው `object-fit: cover` ጽፎ «ምንም አልተለወጠም» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ቁመቱ `auto` ከሆነና ሌላ ምንም ካልተባለ ሳጥኑ ራሱ የፎቶው ልክ ነው። በልኩ በተሰፋ ሳጥን ውስጥ ደግሞ የሚስተካከል ነገር የለም።

እኔም ሁለቱን አብሬ ጻፍኩ። ሳጥኑን እኩል በእኩል አራት ማዕዘን አደረግኩት፣ `aspect-ratio: 1 / 1`፤ ከዚያ `object-fit: cover`። ገጹ ተለወጠ። ሁሉም ካርድ እኩል፣ ሁሉም ፎቶ ሳይጣመም፣ ገጹም ሳይዘል። ስልክ ላይም ላፕቶፕ ላይም አየሁት። መሶቡ ክብ ነው። ደስ ብሎኝ አስረከብኩ። እትዬም ወደዱት።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት እዚህ ላይ ነበር።

ከተወሰነ ጊዜ በኋላ እትዬ ደወሉ። አንዲት ሴት ከካርዱ ላይ በቀጥታ ቀሚስ አዝዛ፣ በሞተር ተልኮላት፣ በዚያው ቀን መልሳዋለች። «ታቹ ልሙጥ መስሎኝ ነው የገዛሁት፤ ይሄ ሰፊ አረንጓዴ ጥለት ፎቶው ላይ የለም» አለች። የመላኪያውንም የመመለሻውንም እትዬ ከፈሉ። ገጹን ከፍቼ አየሁት። እውነቷን ነው፣ ጥለቱ የለም። ፎቶው ፋይል ውስጥ ግን አለ። የቆረጠው የእኔ `cover` ነው።

እትዬ አልተቆጡኝም። ያሉኝ ግን አሁንም ከጆሮዬ አልጠፋም። «ልጄ፣ እኛ ጋ ቀሚስ የሚገዛው በጥለቱ ነው። አንተ ጥለቱን ቆርጠህ ምኑን ነው የምታሳያቸው?»

`cover` የሚያደርገው ይሄ ነው። ምጥጥኑን ጠብቆ ፎቶውን ሳጥኑ እስኪሞላ ያሳድገዋል፤ የተረፈውን ይቆርጣል። ፎቶው ስለማይጣመም የተሳሳተ ነገር ያለ አይመስልም። መጣመም ለዓይን ይታያል፤ የተቆረጠ ነገር ግን መኖሩን ዋናውን ፎቶ ያላየ ሰው ሊያውቅ አይችልም። ደንበኛ ደግሞ ዋናውን አላየም።

ምን ያህል እንደተቆረጠ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። እናንተም ብታሰሉት ጥሩ ነው፤ ከባድ አይደለም። ያ ቀሚስ 9 ለ 16 ነበር። እኩል በእኩል በሆነ ሳጥን ውስጥ ወርዱ ሙሉ ይገባል። ከ16ቱ የቁመት ክፍል የሚታየው 9 ብቻ ነው፤ ይህ 56 በመቶ ነው። 44 በመቶ ገደማ ተጣለ። መቁረጡ ከመሃል ስለሚጀምር 22 በመቶው ከላይ፣ 22 በመቶው ከታች ሄደ። ከላይ የሄደው የሱቁ ጣሪያና የልጅቷ ፀጉር ነው። ከታች የሄደው ደግሞ ከጉልበት በታች ያለው ሁሉ፣ ጥለቱን ጨምሮ። 3 ለ 4 የሆኑትም ቢሆኑ ሩባቸው ተቆርጧል። የአብዛኛው የሀበሻ ቀሚስ ጥለት አንድም ደረቱ ላይ፣ አንድም ታችኛው ጫፍ ላይ ነው። የእኔ ሳጥን ከሁለቱ አንዱን እየመረጠ ሲጥል ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ የምጀምረው ከሌላ ጫፍ ነው። መጀመሪያ ፎቶዎቹን እቆጥራለሁ፤ ስንቱ በምን ልክ ነው የተነሳው? ቀጥሎ ገዢው ዕቃውን የሚመርጠው የቱን ቦታ አይቶ እንደሆነ ሻጩን እጠይቃለሁ። የሳጥኑ ልክ ከእነዚህ ሁለት መልሶች ይወጣል። እኩል በእኩል ሳጥን የመረጥኩት ሌላ ገጽ ላይ አምሮ ስላየሁት ብቻ ነበር። የእትዬ ዕቃ ግን ጫማ ወይም የጆሮ ጌጥ አይደለም፣ ረጅም ቀሚስ ነው።

ከ46ቱ 31ዱ 3 ለ 4 ስለሆኑ ሳጥኑን 3 ለ 4 አደረግኩት። 31ዱ ፎቶዎች በአንድ ጊዜ ምንም ሳይቆረጡ ገቡ። ሳጥኑን ከዚህም አስረዝሜ 2 ለ 3 ላደርገው አስቤ ነበር፤ ለዘጠኙ ረዣዥሞች ይመቻል። ነገር ግን ያን ጊዜ 31ዱ ከጎን 11 በመቶ ያህል ይቆረጣሉ፤ እጅጌው ይነካል። ለዘጠኝ ብዬ 31ዱን ማበላሸት አልፈለግኩም።

የቀሩት ዘጠኙ 3 ለ 4 ሳጥን ውስጥ በቁመት ሩባቸውን ያጣሉ። ከመሃል ከተቆረጠ 12 ተኩል በመቶ ከላይ፣ 12 ተኩል ከታች። ይሄም ጥለቱን ይነካል። እዚህ ላይ የረዳኝ `object-position` ነው። ፎቶው ከሳጥኑ ሲተርፍ ትርፉ ከየት በኩል ይጣል የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ምንም ካልተባለ `50% 50%` ነው፣ ማለትም ከሁለቱም ወገን እኩል።

ይህን ቁጥር መጀመሪያ ላይ በስህተት ነው የተረዳሁት። 80 በመቶ ስል «ፎቶው ላይ 80 በመቶ ዝቅ ብሎ ያለውን ነጥብ መሃል ላይ አምጣልኝ» ማለት መሰለኝ። እንዲያ አይደለም። ቁጥሩ ትርፉን የሚያካፍል ነው። ትርፉ 25 በመቶ ከሆነና 80 በመቶ ካልኩ፣ የ25ቱ 80 በመቶ፣ ማለትም 20፣ ከላይ ይሄዳል። ከታች 5 ብቻ ይቆረጣል። 100 በመቶ ካልኩ ሁሉም ከላይ ይሄዳል፣ ታቹ ሙሉ ይቀራል። 0 ካልኩ ተቃራኒው ነው። ይህ ከገባችሁ እየሞከሩ መገመት ይቀራል፤ ፎቶውን አይታችሁ ከላይ ስንት ባዶ ቦታ እንዳለ ትገምቱና ቁጥሩን ትጽፋላችሁ።

ሌላም የደከምኩበት ነገር አለ። ትርፉ በቁመት ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው ቁጥር፣ የግራና ቀኙ፣ ምንም አያንቀሳቅስም። የሚንቀሳቀስ ትርፍ የለማ። እኔ ቀሚሷን ወደ ግራ ለማምጣት ያንን ቁጥር ደጋግሜ ስለውጥ ቆይቻለሁ።

ለዘጠኙ ፎቶዎች አንድ ዓይነት ቁጥር አልሠራም። አንዷ ላይ ከራሷ በላይ ሰፊ ጣሪያ አለ፤ 100 ይበቃታል። ሌላዋ ላይ ጭንቅላቷ ከፎቶው አፋፍ ጋር ተጠግቷል፤ 100 ብል ፊቷ ይቆረጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፎቶ የየራሱን ቁጥር የሚሰጥ ነገር አስፈለገኝ። ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ `style="--y: 80%"` ብዬ ጻፍኩ። በመረጃ ቋቱ ላይም አንድ ዓምድ ጨመርኩ። ባዶ ከሆነ 50 ይሆናል። የመጨረሻው ሲኤስኤስ ይሄን ይመስላል፦

```css
.photo {
  display: block;
  width: 100%;
  height: auto;
  aspect-ratio: 3 / 4;
  object-fit: cover;
  object-position: 50% var(--y, 50%);
  background: #f3efe8;
}
```

የጀርባ ቀለሙ ፎቶው እስኪመጣ ባዶ ቦታው እንዲታይ ነው። `display: block` ደግሞ ከፎቶው ሥር የምትቀረውን ቀጭን ክፍተት ያጠፋል። ክፍተቷ የምትመጣው ፎቶ እንደ ፊደል በመስመር ላይ ስለሚቀመጥና የመስመሩ ታች ስለሚተርፍ ነው።

`height: auto` የምትለዋን ግን ቀላል አድርጋችሁ እንዳታልፏት። አንድ ምሽት ሙሉ አባክናብኛለች። ሥራውን ካስተካከልኩ በኋላ ለደህንነት ብዬ በእያንዳንዱ ፎቶ ኤችቲኤምኤል ላይ ትክክለኛ ልኩን አስገባሁ፦

```html
<img class="photo" src="kemis-12.jpg"
     width="900" height="1200" alt="ባለ አረንጓዴ ጥለት ቀሚስ">
```

ያን ጊዜ ሲኤስኤሱ ውስጥ `height: auto` አልነበረም። ገጹን ሳድሰው እያንዳንዱ ካርድ 1200 ፒክስል ቁመት ያለው ቀጭን ሸርጥ ሆነ። `cover` ስላለ ቀሚሱ መሃሉ ብቻ ገዝፎ ይታያል። `aspect-ratio` የጠፋ መሰለኝ። ያለ ነበር፤ ግን ዝም ብሏል። ኤችቲኤምኤል ላይ የተጻፈው `height` ለብሮውዘሩ እንደ ደካማ የሲኤስኤስ ትእዛዝ ነው። ወርዱን በሲኤስኤሴ ሽሬዋለሁ፣ ቁመቱን ግን አልሻርኩትም። ወርድም ቁመትም ከተወሰኑ ደግሞ `aspect-ratio` የሚሠራው ነገር የለውም። እሱ የሚሠራው ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ክፍት ሲሆን ነው። `height: auto` ያንን ቁጥር ሽራ በሩን ትከፍትለታለች። «`aspect-ratio` አልሠራ አለኝ» ካላችሁ መጀመሪያ የምትፈልጉት የሆነ ቦታ የተጻፈ ቁመት ነው።

ስድስቱ የተጋደሙ ፎቶዎች ቀሩ። አራቱ ነጠላዎች ናቸው፣ ሁለቱ መሶብ። 4 ለ 3 የሆነ ፎቶ 3 ለ 4 ሳጥን ውስጥ በ`cover` ሲገባ ከወርዱ የሚታየው 56 በመቶ ብቻ ነው። ነጠላ ተዘርግቶ ሲነሳ ጥለቱ በግራና በቀኝ ጫፎቹ ላይ ነው። `cover` የሚጥለው ደግሞ ልክ እነዚያን ጫፎች ነው። የሚቀረው ነጭ ጨርቅ ነው። `object-position` ቢነካካ አንዱን ጫፍ ያድናል፣ ሌላውን ይጥላል። እዚህ ላይ `cover`ን ተውኩት፤ ለስድስቱ ፎቶዎች `class` ላይ `whole` የሚል ቃል ጨመርኩ።

```css
.photo.whole {
  object-fit: contain;
}
```

`contain` ፎቶው ሙሉ በሙሉ እስኪገባ ያሳንሰዋል። ምንም አይቆርጥም። ዋጋው ባዶ ቦታ ነው። 162 በ216 በሆነው የስልክ ካርድ ላይ ነጠላው 121 ገደማ ቁመት ይይዛል፤ ከላይና ከታች 47 47 ፒክስል ባዶ ይቀራል። መጀመሪያ ጀርባው ደማቅ ነጭ ስለነበር ባዶው ቦታ ቀዳዳ ይመስል ነበር። ቀለሙን ፎቶዎቹ ከተነሱበት ግድግዳ ጋር ወደሚቀራረብ ክሬም ስለውጠው ባዶነቱ ተረጋጋ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የካርዱን ጥግ በ`border-radius` ካጠጋጋችሁ የሚጠጋጋው ሳጥኑ ነው። በ`contain` የተቀመጠው ፎቶ ጥጉ ሹል ሆኖ ይቀራል። እኔ ማጠጋጋቱን ተውኩት፤ ለሁሉም ካርድ ቀጥ ያለ ጥግ አደረግኩ።

«ታዲያ ሁሉንም `contain` ብናደርገውስ?» የሚል ይኖራል። ሞክሬዋለሁ። 46ቱም ፎቶ ሙሉ ይታያል፤ ዘጠኙ ረዣዥሞች ግን ከግራና ከቀኝ ባዶ ይዘው ቀጭነው ይቆማሉ። ልብሱ ያንሳል። በስልክ ላይ ጥለቱን ለመለየት ዓይን ማጥበብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለቀሚስ ጥቂት ጣሪያ መቁረጥ ይሻላል፣ ለነጠላና ለመሶብ ደግሞ ባዶ ቦታ ይሻላል ብዬ ወሰንኩ። የእናንተ ዕቃ ሌላ ከሆነ ውሳኔውም ሌላ ይሆናል።

ለማጣራት የምጠቀምበትን ልንገራችሁ። ክሮም ላይ ፎቶው ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ `Inspect` በሉ። በሚከፈተው ኮድ ውስጥ የ`src` አድራሻው ላይ ማውሱን ስታሳርፉ ትንሽ ምስል ይወጣል፤ ከሥሩ `Rendered aspect ratio` እና `Intrinsic aspect ratio` የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ። የመጀመሪያው የሳጥኑ ነው፣ ሁለተኛው የፋይሉ። ከተመሳሰሉ ምንም አልተነካም። ከተለያዩና `object-fit` ካልተጻፈ ፎቶው ተጎትቷል። ከተለያዩና `cover` ከሆነ የሆነ ነገር ተቆርጧል፤ ያን ጊዜ ዋናውን ፋይል ጎን ለጎን ከፍቼ የተቆረጠው ምን እንደሆነ በዓይኔ አያለሁ። ከማስረከቤ በፊት 46ቱንም እንዲህ አየኋቸው። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

የቆዩ ስልኮችን በተመለከተ ብዙ አትጨነቁ። `object-fit` በብሮውዘሮች ውስጥ ከቆየ ዓመታት ሆኖታል። `aspect-ratio` ግን ክሮም፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ ላይ ተሟልቶ የገባው በ2021 ነው። አይፎን 6 ከአይኦኤስ 12 አያልፍም፤ ስለዚህ አይገባውም። የእትዬ ዘመድ እንዲህ ያለ ስልክ ነበራት። በእሷ ስልክ ካርዶቹ እኩል አይደሉም፣ ፎቶዎቹ ግን አልተጣመሙም፣ አልተቆረጡምም። `height: auto` ስላለ እያንዳንዱ በተፈጥሮ ልኩ ይታያል። ለአንድ አሮጌ ስልክ ይህ በቂ ነው ብዬ ተውኩት።

ክብደቱ ግን ያሳስባችሁ። `object-fit` የፋይሉን ክብደት አይቀንስም። 44 በመቶው ቢቆረጥም ሙሉው ፎቶ ነው የሚወርደው። በሞባይል ዳታ ለሚገዛ ሰው ይህ ገንዘብ ነው። የስልኩ ካርድ 162 ፒክስል ነው፤ ጥራት ያለው ስክሪን ሦስት እጥፍ ቢፈልግ 486 ነው። ስለዚህ ለካርዶቹ ወርዱ 600 የሆነ ቅጂ አዘጋጀሁ። ካርዱ ሲነካ በሚከፈተው የዕቃው ገጽ ላይ ደግሞ ትልቁን ፎቶ ምንም ሳልቆርጥ አስቀመጥኩ። «ይዘዙ» የሚለውንም ቁልፍ ከካርዱ አንስቼ ወደዚያ ገጽ ወሰድኩት። አሁን ሙሉውን ቀሚስ ሳያይ የሚያዝ ሰው የለም።

በመጨረሻ ወደ ሽሮ ሜዳ ሄድኩና ከእትዬ ጋር ስልኮቹን አስተካከልን። የሦስቱም ካሜራ 3:4 ላይ ሆነ። ቀሚስ ሲነሳ ስልኩ ይቁም፣ ከቀሚሱ በታች ወለሉ ትንሽ ይታይ፣ ከራስ በላይም ትንሽ ግድግዳ ይቅር ተባባልን። ለነጠላ ሌላ መላ ያመጡት እሳቸው ናቸው። ሁለቱ የጥለት ጫፎች አንዱ ከአንዱ በላይ እንዲሆኑ አጥፈው መስቀያ ላይ ሰቀሉት። ፎቶው ቁመታም ሆኖ ወጣ፤ ሁለቱም ጥለት ይታያል። ያን ፎቶ ሳስገባው `whole` የሚለውን ቃል መጻፍ አላስፈለገኝም።